በእያንዳንዱ ሰው ላይ ምን ተመዘገበ? በካይ-ስኩዌር፣ በቲ-ቴስትና በአኖቫ መካከል ስለ መምረጥ

በጤና ሙያ ፈተናዎች ላይ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ዓይነት ጥያቄ አለ። አንድ ጥናት በአራት ወይም በአምስት መስመር ይገለጻል፤ ስንት ሕመምተኞች እንደተሳተፉ፣ ምን እንደተሰጣቸውና ምን እንደተለካ ይነገራል። ቀጥሎ «ውጤቱን ለመፈተሽ የሚስማማው የትኛው ነው?» ተብሎ ካይ-ስኩዌር፣ ቲ-ቴስትና አኖቫ በአማራጭነት ይቀርባሉ። ብዙ ተማሪ ጥያቄውን የሚመልሰው በቃል ፍለጋ ነው። «መቶኛ» የሚል ካየ ካይ-ስኩዌርን፣ «አማካይ» የሚል ካየ ቲ-ቴስትን፣ «ሦስት ቡድን» የሚል ካየ አኖቫን ያከብባል። ይህ ዘዴ ብዙ ጊዜ ነጥብ ያስገኛል። ችግሩ ሲያሳስት ምልክት አለመስጠቱ ነው፤ ተማሪው የተሳሳተውን ፍተሻ ቢመርጥም ስሌቱ ይሠራል፣ ቁጥርም ይወጣል። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ፍተሻው የሚመረጠው ከቁጥሮቹ መልክ ሳይሆን ከጥናቱ ንድፍ መሆኑን ነው፤ በእያንዳንዱ ሰው ላይ ምን እንደተመዘገበና ሰዎቹ እንዴት እንደተመደቡ ሳይታወቅ፣ የተሰበሰበውን ቁጥር ብቻ አይቶ ትክክለኛውን ፍተሻ መምረጥ አይቻልም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንጀምረው። 150 የደም ግፊት ሕመምተኞች በዕጣ ለሦስት መድኃኒቶች ተመደቡ እንበል፤ ለእያንዳንዱ መድኃኒት 50 ሰው ደረሰው። መድኃኒቱን ከመጀመራቸው በፊትና ከሦስት ወር በኋላ የሁሉም ግፊት ተለካ። ተመራማሪው «የሦስቱ ቡድኖች የላይኛው ግፊት አማካይ ይለያያልን?» ብሎ ከጠየቀ መልሱ አኖቫ ነው። «ግፊታቸው ከ140 በታች የወረደላቸው ሰዎች ድርሻ ከቡድን ቡድን ይለያያልን?» ካለ ካይ-ስኩዌር ይሆናል። «የመጀመሪያውን መድኃኒት የወሰዱት 50 ሰዎች መድኃኒቱን ከመጀመራቸው በፊት የነበራቸውና ከሦስት ወር በኋላ ያላቸው ግፊት ይለያያልን?» ካለ ደግሞ ጥንድ ቲ-ቴስት ነው። ሰዎቹም የግፊት መለኪያውም አልተለወጡም፤ ፍተሻው ግን ሦስት ጊዜ ተለወጠ። በመጀመሪያው ጥያቄ ለእያንዳንዱ ሰው የተመዘገበው በሚሊሜትር ሜርኩሪ የተለካ መጠን ነው። በሁለተኛው የተመዘገበው «ወረደ» ወይም «አልወረደም» የሚል ቃል ነው። በሦስተኛው ከእያንዳንዱ ሰው ሁለት ልኬት ተወስዷል። «ሦስት» የሚለውን ቃል ብቻ የፈለገ ተማሪ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይወድቃል፤ እዚያም ቡድኖቹ ሦስት ናቸውና።

አሁን ወደ እውነተኛ ጥናቶች እንለፍ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1948 የብሪታኒያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠውን ጥቅም የፈተሸበትን ጥናት አሳተመ። የስታትስቲክሱን ንድፍ ያወጣው ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ነበር። 107 ሕመምተኞች በሁለት ተከፈሉ፤ 55ቱ አልጋ ላይ ከማረፍ ጋር መድኃኒቱን አገኙ፣ 52ቱ በዚያ ዘመን የተለመደውን የአልጋ ዕረፍት ብቻ አገኙ። ማን ወደየትኛው ቡድን እንደሚገባ የሚወሰነው በዕጣ ነበር፤ ዕጣውም በታሸገ ፖስታ ተጠብቆ፣ ሕመምተኛው ለጥናቱ ተቀባይነት ሳያገኝ አይከፈትም። በስድስት ወር ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት 4፣ ካላገኙት ደግሞ 14 ሰዎች ሞቱ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንጠይቅ፦ በእያንዳንዱ ሰው ላይ ምን ተመዘገበ? መኖር ወይም መሞት። ይህ በሚዛን የሚመዘን፣ በሜትር የሚለካ ነገር አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው ከሁለት ሳጥኖች በአንዱ ይገባል፣ እኛም የምናደርገው በየሳጥኑ ስንት ሰው እንዳለ መቁጠር ነው። ካርል ፒርሰን በ1900 ያስተዋወቀው ካይ-ስኩዌር ለዚህ የሚሆን ነው። አካሄዱ ቀላል ነው። በመጀመሪያ መድኃኒቱ ምንም ለውጥ አያመጣም ብለን እናስብ። ከ107ቱ የሞቱት በድምሩ 18 ስለሆኑ፣ ልዩነት ከሌለ ሞቱ በየቡድኑ ብዛት መጠን ይከፋፈል ነበር፤ 18ን በ55 አባዝተን ለ107 ስናካፍል መድኃኒቱን ካገኙት 9.25 ያህል፣ ካላገኙት 8.75 ያህል ሞት ይጠበቃል። የታየው ግን 4 እና 14 ነው። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ የታየውን ከሚጠበቀው ቀንሰን፣ ልዩነቱን በራሱ አባዝተን፣ ለሚጠበቀው እናካፍላለን። የአራቱም ሳጥኖች ውጤት ሲደመር 7.4 ይሆናል። ሁለት በሁለት ለሆነ ሠንጠረዥ የአምስት በመቶው ወሰን 3.84 ነው፤ 7.4 ይህን ወሰን በብዙ ያልፋል፤ በዕጣ አጋጣሚ ብቻ እንዲህ ያለ ወይም ከዚህ የባሰ ልዩነት የሚታየው ከመቶ አንድ ጊዜ በታች ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ ያለ ሁሉ የሰው ቁጥር መሆኑን ልብ በሉ። በጽሑፉ ላይ የሞቱት ሰዎች ድርሻ 7 በመቶና 27 በመቶ ተብሎም ተገልጿል። አንድ ሰው ቁጥሮቹን ትቶ መቶኛዎቹን ሠንጠረዡ ውስጥ ቢያስገባ፣ ማለትም ከ100 ሰው 7፣ ከ100 ሰው 27 እንደሞተ አድርጎ ቢያሰላ፣ ካይ-ስኩዌሩ ከ7.4 ወደ 14.2 ይዘላል። ምንም አዲስ ማስረጃ አልተገኘም፤ 107 ሕመምተኞች በወረቀት ላይ 200 ስለሆኑ ብቻ ማስረጃው በእጥፍ የጠነከረ መሰለ። ይህን ስህተት ለማወቅ አንድ መንገድ አለ፦ በሠንጠረዡ ያሉት ሳጥኖች ሲደመሩ በጥናቱ የተሳተፉትን ሰዎች ልክ ካልሰጡ ካይ-ስኩዌሩ ዋጋ የለውም። ይኸው መንገድ ሌላም ስህተት ያጋልጣል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ከተቆጠረ፣ ለምሳሌ ከሕክምና በፊት አንድ ጊዜ፣ ከሕክምና በኋላ ሌላ ጊዜ፣ የሳጥኖቹ ድምር ከሰዎቹ ይበልጣል። እንዲህ ላለው ንድፍ ተራው ካይ-ስኩዌር ሳይሆን ማክኒማር የሚባለው ፍተሻ ነው የሚስማማው፤ እሱ የሚያየው ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው የተሻገሩትን ሰዎች ብቻ ነው። ሌላው ገደብ ሰዎች ሲያንሱ የሚመጣው ነው። ከሳጥኖቹ በአንዱ የሚጠበቀው ቁጥር ከ5 በታች ከወረደ በተለምዶ ወደ ፊሸር ኤግዛክት ፍተሻ ይኬዳል። መታየት ያለበት የሚጠበቀው ቁጥር እንጂ የታየው አይደለም፤ በስትሬፕቶማይሲኑ ጥናት የታየው ሞት 4 ቢሆንም የሚጠበቀው 9.25 በመሆኑ ካይ-ስኩዌር ያለ ችግር ይሠራል።

ወደ ተለካ መጠን ስንመጣ ረዘም ያለ ቆይታ ይገባናል፤ ምርጫው በብርቱ የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ዊልያም ጎሴት በደብሊን ከተማ በጊነስ ቢራ ፋብሪካ የሚሠራ ኬሚስት ነበር። በ1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ባሳተመው ጽሑፍ በጥቂት ናሙና ላይ ስለ አማካይ እንዴት መፍረድ እንደሚቻል አሳየ፤ ቲ-ቴስት የመጣው ከዚያ ነው። ለማስረጃ የተጠቀመው ኩሽኒና ፒብልስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1905 ያሳተሙትን የእንቅልፍ መድኃኒት ጥናት ነበር። 10 ሕመምተኞች ሁለት መድኃኒቶችን በተለያዩ ሌሊቶች ወሰዱ፤ ለእያንዳንዱ ሰው እያንዳንዱ መድኃኒት በአማካይ ስንት ሰዓት ተጨማሪ እንቅልፍ እንዳስገኘለት ተመዘገበ። የመጀመሪያው መድኃኒት 0.75 ሰዓት፣ ሁለተኛው 2.33 ሰዓት ጨመረ። ልዩነቱ 1.58 ሰዓት ነው።

አሁን ሃያዎቹ ቁጥሮች ብቻ ተሰጥተዋችሁ፣ አሥሩ በአንድ ዓምድ አሥሩ በሌላ ዓምድ ተጽፈው፣ ሌላ ምንም ባይነገራችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ሁለት ዓምድ፣ ሁለት አማካይ፤ የተለያዩ ሰዎች እንደሆኑ አድርጋችሁ ተራውን ባለ ሁለት ቡድን ቲ-ቴስት ትሠራላችሁ። ውጤቱ 1.86 ይወጣል፣ ፒ-ቫልዩውም 0.08 ይሆናል። እንደ ልማዱ «በመድኃኒቶቹ መካከል ልዩነት መኖሩ አልተረጋገጠም» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ግን ሰዎቹ አሥር እንጂ ሃያ አልነበሩም። እያንዳንዱ ሰው ሁለቱንም መድኃኒት ወስዷል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለተኛው ከመጀመሪያው በስንት እንደበለጠ ማስላት ይቻላል። አሥሩ ልዩነቶች 1.2፣ 2.4፣ 1.3፣ 1.3፣ 0፣ 1.0፣ 1.8፣ 0.8፣ 4.6 እና 1.4 ናቸው። አንዱ ዜሮ ነው፤ የቀሩት ዘጠኙ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነብላሉ። ጥንድ ቲ-ቴስት የእነዚህን ልዩነቶች አማካይ ለአማካዩ መደበኛ ስህተት ያካፍላል፤ 1.58 ለ0.39 ሲካፈል 4.06 ይሆናል፣ ፒ-ቫልዩውም 0.003 ነው። ሃያዎቹ ቁጥሮች አንድም አልተለወጡም። «አልተረጋገጠም» የነበረው ፍርድ ግን ወደ ጠንካራ ማስረጃ ተለወጠ።

ይህ የሆነበትን ምክንያት መረዳት ከቀመሩ ይበልጣል። ሰዎች ለእንቅልፍ መድኃኒት በሚሰጡት ምላሽ እጅግ ይለያያሉ። ከአሥሩ መካከል በመጀመሪያው መድኃኒት 3.7 ሰዓት ጨምሮ የተኛ አለ፤ በዚያው መድኃኒት እንቅልፉ 1.6 ሰዓት የቀነሰበትም አለ። የተለያዩ ሰዎችን ስናወዳድር ይህ በሰውና በሰው መካከል ያለ ልዩነት ሁሉ እንደ ጫጫታ ገብቶ የመድኃኒቱን ድምፅ ይውጠዋል፤ የአማካዮቹ ልዩነት የሚካፈለው ለ0.85 ነው። ሰውን ከራሱ ጋር ስናወዳድር ግን ለመድኃኒት በብርቱ የሚመልሰውም በጥቂቱ የሚመልሰውም የራሱን ጠባይ በሁለቱም ዓምድ ይዞ ስለሚመጣ፣ ሲቀነስ ይጠፋል። አካፋዩ ከግማሽ በታች ወርዶ 0.39 ይሆናል። ይህን ጥቅም ያስገኘው የጥናቱ ንድፍ ነው፤ ተራውን ቲ-ቴስት የመረጠ ሰው ተመራማሪዎቹ የደከሙበትን ነገር ይጥለዋል። ስህተቱ ወደ ሌላው አቅጣጫም ይሄዳል። በእርግጥ የተለያዩ የሆኑ ሃያ ሰዎችን እንደ ዝርዝሩ ተራ አጣምሮ ጥንድ ቲ-ቴስት የሚሠራ ሰው በመካከላቸው የሌለ ዝምድና ፈጥሯል። ማጣመሩ እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ አንደኛውን ዓምድ ብናደባልቀውና ተራውን ብንለውጠው የሚጠፋ መረጃ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ይበቃል። በእንቅልፉ ጥናት ይጠፋል፤ የአንዱ ሰው ቁጥር ከሌላው ሰው ጋር ይጋጠማልና። የተለያዩ ሰዎች ባሉበት ግን ምንም አይጠፋም።

አንድ ነገር በጨረፍታ ላንሳ። ከአሥሩ ልዩነቶች 4.6 ከሌሎቹ ርቆ ስለሚታይ፣ ልዩነቱን የፈጠረው ያ አንድ ሰው ብቻ ይሆን ብሎ የሚጠራጠር ይኖራል። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ ሊፈተሽም ይችላል። ያን ሰው አውጥተን በዘጠኙ ብናሰላ አማካዩ ከ1.58 ወደ 1.24 ይወርዳል፣ ቲው ግን ከ4.06 ወደ 5.7 ገደማ ይወጣል። ርቆ የወጣው ቁጥር አማካዩን ቢያሳድግም ከዚያ በላይ መበታተንን አሳድጎ ነበር።

ሦስተኛው ቡድን ሲመጣ ምን ይሆናል? የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ቲ-ቴስቱን መደጋገም ነው፦ ሀ ከለ፣ ለ ከሐ፣ ሀ ከሐ። ችግሩ በእያንዳንዱ ፍተሻ፣ ልዩነት በሌለበት «አለ» የማለት የአምስት በመቶ ዕድል መፍቀዳችን ነው። ሦስቱ ፍተሻዎች እርስ በርስ ባይነካኩ ኖሮ ቢያንስ በአንዱ የመሳሳት ዕድል 14 በመቶ ይደርስ ነበር፤ ቡድኖቹን ስለሚጋሩ በተግባር ትንሽ ያንሳል እንጂ ከአምስት በእጅጉ ይርቃል። ሮናልድ ፊሸር ያዳበረውና በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ ለተመራማሪዎች ያቀረበው አኖቫ ለሁሉም ቡድኖች አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ ሁሉም የመጡት ተመሳሳይ አማካይ ካለው ሕዝብ ነውን?

ስሌቱ እንዲታይ ሆን ብዬ ቀላል ቁጥሮች ልምረጥ። ሦስት የግፊት መድኃኒቶችን አምስት አምስት የተለያዩ ሰዎች ወሰዱ እንበል፤ የእያንዳንዱ ሰው ግፊት ምን ያህል እንደወረደ ተመዘገበ። በሀ ቡድን 4፣ 6፣ 8፣ 10፣ 12 ወረደ፤ በለ ቡድን 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 16፤ በሐ ቡድን 12፣ 14፣ 16፣ 18፣ 20። አማካዮቹ 8፣ 12 እና 16 ናቸው፤ የአጠቃላዩ አማካይ 12 ነው። አኖቫ ሁለት ዓይነት መራራቅን ያነጻጽራል። አንደኛው ሰዎች በየራሳቸው ቡድን ውስጥ ከቡድናቸው አማካይ የሚርቁበት ነው። ርቀቶቹ በራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ በእያንዳንዱ ቡድን 40፣ በሦስቱ 120 ይሆናል፤ ለ12 ሲካፈል 10 ነው። አሥራ ሁለቱ የመጡት ከ15 ሰዎች ሦስቱን አማካዮች ለማስላት ሦስት ስለወጡ ነው። ሁለተኛው የቡድኖቹ አማካዮች ከአጠቃላዩ አማካይ የሚርቁበት ነው። ርቀቶቹ 4፣ 0 እና 4 ናቸው፤ በራሳቸው ተባዝተው፣ በየቡድኑ አምስት ሰው ስላለ በ5 ተባዝተው ሲደመሩ 160 ይሆናሉ፤ ለ2 ሲካፈል 80 ነው። 80 ለ10 ሲካፈል ኤፍ የሚባለው ቁጥር 8 ይሆናል። መድኃኒቶቹ እኩል ቢሆኑ ይህ ቁጥር ወደ 1 ይጠጋ ነበር፤ ለዚህ ንድፍ የአምስት በመቶው ወሰን 3.89 ነው። ስለዚህ ሦስቱ መድኃኒቶች እኩል ናቸው የሚለውን ሐሳብ እንጥላለን።

የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ ግን እስካሁን አላወቅንም። አኖቫ «ሁሉም እኩል አይደሉም» ብሎ ያቆማል፤ «ሐ ከለ ይበልጣል» አይልም። ብዙ የምርምር ጽሑፍ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ኤፉ ወሰኑን ማለፉን ይጠቅስና ትልቁን አማካይ ያገኘውን መድኃኒት አሸናፊ ያደርጋል። ቀጣዩ ደረጃ የመደጋገሙን ስህተት የሚቆጣጠር ንጽጽር ነው፤ ቱኪ የሚባለው ዘዴ ይታወቃል። በእኛ ምሳሌ በዚህ ዘዴ ሁለት ቡድኖች ተለያይተዋል ለማለት አማካዮቻቸው ቢያንስ በ5.3 መራቅ አለባቸው። ሀ እና ሐ በ8 ስለሚራራቁ ተለይተዋል። ሀ ከለ፣ ለ ከሐ ግን በ4 ብቻ ስለሚራራቁ አልተለዩም። ስለዚህ መጻፍ የሚፈቀደው «ሐ ከሀ ይበልጣል፤ ለን ከሁለቱም ለመለየት ይህ ናሙና አይበቃም» የሚል ነው። ደግሞም እነዚህ አሥራ አምስቱ ቁጥሮች ሦስቱንም መድኃኒት በየተራ ከወሰዱ አምስት ሰዎች መጥተው ቢሆን ኖሮ ይህ ስሌት በሙሉ ይቀየር ነበር፤ ያኔ የሚያስፈልገው የተደጋጋሚ ልኬት አኖቫ ነው፤ እሱም የጥንድ ቲ-ቴስት ታላቅ ወንድም ነው።

ፍተሻው የሚመረጠው ከጥናቱ ንድፍ ነው የሚለውን አቋም የሚሞግቱ ሦስት ሐሳቦች አሉ፤ ክብደት ስላላቸው ልመልሳቸው። የመጀመሪያው «ሁለት ቡድን ሲሆን ኤፍ የቲ በራሱ ብዜት ነው፤ እንግዲያው አኖቫን ለሁሉም መጠቀም እየተቻለ ለምን መምረጥ ያስፈልጋል?» ይላል። የሒሳቡ ግንኙነት እውነት ነው። ሆኖም ዝምድናው የሚሠራው በተለያዩ ሰዎች ላይ የተሠራውን፣ የሁለቱ ቡድኖች መበታተን እኩል ነው ብሎ የሚነሣውን ቲ-ቴስት በተመለከተ ነው። በእንቅልፉ ጥናት ተራውን አኖቫ የሠራ ሰው 1.86ን በራሱ አባዝቶ 3.46 ያገኛል፤ ስህተቱ ከእሱ ጋር አብሮ ይባዛል። ስለዚህ የፍተሻዎቹ ዝምድና ከምርጫ አያድነንም፤ ዋናው ምርጫ «የተለያዩ ሰዎች ወይስ ያው ሰዎች?» የሚለው ነውና።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ቲ-ቴስትና አኖቫ የሚሠሩት መረጃው በደወል ቅርጽ ሲበተን ነው፤ የሆስፒታል መረጃ እንዲህ አይሆንም፤ ስለዚህ ቁጥሩን ከፍተኛና ዝቅተኛ ብሎ ከፍሎ በካይ-ስኩዌር መሥራት ይሻላል» የሚል ነው። ከፊሉ ትክክል ነው። ሆስፒታል ውስጥ የሚቆዩበት ቀን ለምሳሌ ጥቂቶች ረጅም ጊዜ ስለሚቆዩ ወደ አንድ ወገን ይዘረጋል፤ ናሙናው ትንሽ ከሆነ ቲ-ቴስቱ ሊያሳስት ይችላል። ነገር ግን ቲ-ቴስት የሚጠይቀው የአማካዩ ጠባይ እንጂ የእያንዳንዱ ቁጥር አይደለም፤ በየቡድኑ ብዙ ሰው ሲኖር አማካዩ ወደ ደወል ቅርጽ ይጠጋል። ናሙናው ትንሽ ከሆነ ደግሞ በማዕረግ ቅደም ተከተል የሚሠሩ ፍተሻዎች አሉ፤ ለሁለት ቡድን ማን-ዊትኒ፣ ለሦስትና ከዚያ በላይ ክሩስካል-ዋሊስ። ቁጥሩን ቆርጦ ሁለት ሳጥን ማድረግ ግን ያለንን መረጃ መጣል ነው። 139 እና 141 ያላቸው ሁለት ሰዎች በተለያየ ሳጥን ይገባሉ፤ 141 እና 190 ያላቸው ግን በአንድ ሳጥን ይቀመጣሉ። መቁረጫውን መረጃው ከታየ በኋላ የመረጠ ሰው ደግሞ የሚፈልገውን መልስ እስኪያገኝ ድረስ ሊያዘዋውረው ይችላል። ሐኪሙ ሕክምና የሚወስነው በዚያ መቁረጫ ከሆነና መቁረጫውም ከጥናቱ በፊት ከተጻፈ ብቻ ሳጥኑ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የዘመናችን ነው፦ «ኮምፒዩተሩ መረጃውን አይቶ ይመርጥልን የለም?» አይመርጥም፤ ምክንያቱን ራሱ የእንቅልፉ ጥናት ይመሰክራል። የዚህ ጥናት መረጃ R በተባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ `sleep` በሚል ስም ለማስተማሪያ ተቀምጧል። ሁለቱን መድኃኒቶች የሚለየው ዓምድ `group` ተብሎ ስለተሰየመ፣ ዓምዱን አይቶ ፍተሻ የሚሠራ ሰው ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ያሉ ይመስለዋል። የፕሮግራሙ መግለጫ ራሱ ይህ ስም ሊያሳስት እንደሚችልና ልኬቶቹ የአሥር ሰዎች መሆናቸውን ያስጠነቅቃል። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ሃያ ቁጥሮችና አንድ የዓምድ ስም ነው። ሰዎቹ አሥር መሆናቸውን የሚያውቀው መረጃውን የሰበሰበው ሰው ነው። እያንዳንዱ ቁጥር የብዙ ሌሊት አማካይ መሆኑም እንዲሁ ነው፤ ሌሊቶቹን አንድ በአንድ እንደ ተለያዩ ሰዎች ቆጥሮ ናሙናውን ቢያበዛው ፕሮግራሙ ያለ ተቃውሞ ያሰላለት ነበር።

ስለዚህ በፈተና ላይ የምትቀመጡም፣ የምርምር ጽሑፍ የምታነቡም፣ አማራጮቹን ከማየታችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ሰው የተመዘገበው ቃል ነው ወይስ መጠን፣ የሚነጻጸሩት ስንት ናቸው፣ ሰዎቹስ የተለያዩ ናቸው ወይስ ያው። ጥናቱ ሦስተኛውን ካልነገራችሁ ጽሑፉ ጎድሏል፤ የፒ-ቫልዩው ትንሽነት ያን ጉድለት አይሞላውም። ቁጥሮች ብቻቸውን የማይናገሩት ነገር እንዳለ ይህን አስታውሱ፦ ጎሴት በ1908 ባሳተመው ሠንጠረዥ ላይ የሁለቱ መድኃኒቶች ስም ተሳስቶ ነበር የተጻፈው፤ ኩሽኒና ፒብልስ ለአሥሩ ሰዎች የሰጡት ዓምዶቹ ላይ የሰፈሩትን መድኃኒቶች አልነበረም። ስሌቱ ትክክል ስለነበር ስህተቱን ከቁጥሮቹ ማግኘት አይቻልም ነበር። የተገኘው ሰዎች ተመልሰው የ1905ቱን ጽሑፍ ሲያነቡ ነው።